የዐቢይ ጾም መዝሙርና ምንባብ ለወጣቶች ጉባኤ እንዴት ይሰናዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (በመፃጉዕ እሑድ ምሳሌ)

ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ አያርፍም፣ አንዱ "መዝሙር ላክልን" ይላል፣ ሌላዋ "ርዕስ ምን እናድርገው" ትላለች። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ደብር ውስጥ የወጣቶች ጽዋ ማኅበር ጉባኤ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ፣ መምህር አይደለሁም፣ ዲያቆንም አይደለሁም፣ ፕሮግራም አዘጋጅ ብቻ ነኝ። ተመሳሳይ ነገር ደጋግሜ ከምመልስ ብዬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ስምንቱንም እሑድ ከምነካካ አንዱን ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው ልሂድበት፣ እሱም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ነው። አሠራሩ ለሌሎቹም ይሆናል።

ርዕሱን ከየት እናምጣ? ኮሚቴው "ፍቅር" ይሁን ብሏል

"ፍቅር" ርዕስ አይደለም፣ "ንስሐ"ም አይደለም፣ "መንፈሳዊ ሕይወት" የሚለውማ ጭራሽ። ለምን ብትሉ የትኛውም መዝሙር "ፍቅር" በሚለው ስር ይገባል፣ ሁሉ ነገር ከገባ ደግሞ የምትቆርጡት ነገር የለም፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ልጆቹ የሚወዱት መዝሙር ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ ርዕስ መፈልሰፍ ምን አስፈለገ፣ ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ለየሳምንቱ ስሙን ሰጥቶታል እኮ። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ስሙን ያዙና የዕለቱን ወንጌል ክፈቱ፣ ከዛ ከወንጌሉ ውስጥ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ የተናገራትን አጭር ቃል ፈልጉ። ወንጌሉን የሚያብራራ ሐሳብ አትፈልጉ፣ ራሷን የተነገረችውን ቃል ፈልጉ።

የመፃጉዕ ወንጌል ዮሐንስ 5 ነው፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው ሰው። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን" ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው አዎ አላለም፣ አይ አላለም፣ "ሰው የለኝም" ነው ያለው። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ይቀድመኛል። በቃ ርዕሳችሁ ይቺ ናት፣ "ሰው የለኝም"። አንዲት የማኅበራችን ልጅ ይህን ስትሰማ "ይሄ እኮ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ማታ ማታ የሚለው ነው" አለች፣ እኔም ከዛ ቀን ጀምሮ ሌላ ርዕስ ፈልጌ አላውቅም።

ዕለቱ መቼ እንደሚውል በምን እናውቃለን?

ከፋሲካ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ትንሣኤ 2018 ሚያዝያ 4 ነው፣ ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ሰኞ የካቲት 9 ይገባል፣ መፃጉዕ ደግሞ የካቲት 29 እሑድ ይውላል። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ዘወረደን ጾሙ ከገባ በኋላ ያለው እሑድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ዘወረደ እሑድ የዋዜማው ነው፣ በነጋታው ሰኞ ጾሙ ይገባል። በዚህ የተሳሳተ ሰው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ያዛባል፣ ደብረ ዘይት ቀን መፃጉዕን ይዘምራል ማለት ነው።

ከምንባባቱ ሁሉንም እናንብብ ወይስ እንምረጥ?

ምረጡ። ግጻዌውን ብታዩ ለመፃጉዕ ከጳውሎስ ገላትያ 5፣ ከሌሎቹ መልእክታት ያዕቆብ 5 ከቁጥር 14 ጀምሮ፣ ከሐዋርያት ሥራ 3፣ ምስባኩ ከዳዊት 40፣ ወንጌሉ ዮሐንስ 5 ከ1 እስከ 24 ነው። ይሄ ሁሉ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ተነቧል። ከሰዓት የምታደርጉት ጉባኤ ቅዳሴውን መድገም የለበትም፣ ከጠዋቱ አንድ ክር መዝዞ ማሳየት ነው ያለበት።

ክሩን እንዴት እንደምንመዝ ላሳያችሁ። ዮሐንስ 5 ላይ "ሰው የለኝም" የሚል ሰው አለን። አሁን ሐዋርያት ሥራ 3ን ክፈቱ፣ እዛም በሽተኛ አለ፣ ከማኅፀን ጀምሮ ሽባ የሆነ፣ መልካም በሚሏት ደጅ የሚለምን። ግን እሱ ሰው አለው፣ በየቀኑ ተሸክመው የሚያስቀምጡት ሰዎች አሉ። የሚሸከመው እያለም ግን ያው ደጅ ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ አልገባም። ጴጥሮስ ሲመጣ ደግሞ ምን አለ? "ብርና ወርቅ የለኝም፤ ይህን ያለኝን ግን እሰጥሃለሁ"። አያችሁ፣ ሁለት "የለኝም" አለን፣ አንዱ ስለሌለው ያዝናል፣ አንዱ የሌለውን ትቶ ያለውን ይሰጣል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስታነቡ ማንም ሳያብራራ ልጆቹ ይሰሙታል፣ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ገላትያ 5ን በዚህ ርዕስ አልተጠቀምንበትም፣ ትልቅ ምዕራፍ ነው፣ ስለ ነፃነት፣ ስለ ሥጋ ሥራና ስለ መንፈስ ፍሬ ያወራል፣ ለብቻው አንድ ጉባኤ ይፈልጋል። ያዕቆብ 5፥14ን ግን መጨረሻ ላይ ለማስታወቂያ ጠቀመን (እመለስበታለሁ)።

ወንጌሉን ራሱን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። ከ1 እስከ 9 መጀመሪያ ይነበብ፣ ከ10 እስከ 14 መጨረሻ። መሃሉ ላይ መዝሙርና ትምህርት ይግባ። ምክንያቱም 5፥14 ላይ ጌታ ያንኑ ሰው መቅደስ ውስጥ አግኝቶ "እነሆ፥ ድነሃል፤ ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ" ይለዋል። መምህራኖቻችን ሲተረጉሙልን ይሄ የዳነው ሰው በኋላ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ነው ይሉናል። ይህን የሚያውቅ ልጅ "ሰው የለኝም" የሚለውን እንደ ማልቀሻ ብቻ አይወስደውም፣ ሰው ያገኘ ቀንስ ምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ 5፥14 ለመጨረሻ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ላይ ከተነበበ ግን ጨዋታው እዛው ያልቃል።

ምስባኩን በመጽሐፍ ቅዱስ ስፈልገው ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ለምን?

ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፣ እኛም ተይዘንበታል። የመፃጉዕ ምስባክ መዝሙር 40፥3 ነው፦ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ" ይላል፣ በታመመበት አልጋ እግዚአብሔር ይረዳዋል ማለት ነው። እኛ ያኔ አንባቢዋን "መዝሙር 40 አንብቢ" አልናት፣ እሷም ኪሷ ያለውን የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ "ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት" የሚለውን አነበበች። የሚያምር መዝሙር ነው፣ ከጭቃ ስለ መውጣት ያወራል፣ ከርዕሱም ጋር ይሄዳል፣ ስለዚህ ማንም አልነቃም። አንድ መሪጌታ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፣ ሲያልቅ ጠርተውኝ ፈገግ ብለው "ልጄ፣ የዛሬውን ምስባክ ማን ሰረቀው?" አሉኝ።

ነገሩ የቁጥር ነው። የግዕዙ ዳዊት መዝሙር 9ና 10ን እንደ አንድ ይቆጥራል፣ የ1954ቱ እትም ደግሞ ለያይቶ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 147 ድረስ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይለያያል። የዳዊቱ 40 በዛኛው 41 ነው፣ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" በዳዊት 22፣ በዛ 23። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ለአንባቢ ቁጥር አትስጡ፣ የመጀመሪያውን ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። እኛ አሁን ጥቅሱን ራሱን በትልቁ ጽፈን ነው የምንሰጠው፣ ስልክ ላይ ፍለጋ የለም።

ምስባኩን በዜማ የሚለው ዲያቆን ካላችሁ በግዕዝ ይበለው፣ ከዛ አንድ ልጅ አማርኛውን ያንብብ። ዲያቆን ከሌለ አንብቡት እንጂ በዜማ ለማለት አትሞክሩ፣ የተሳሳተ ዜማ ከንባብ ይበልጥ ይረብሻል።

መዝሙር ስንሰበስብ መአት ይመጣል፣ እንዴት እናጥራው?

ባለፈው ጊዜ ግሩፑ ላይ "ለመፃጉዕ የሚሆን መዝሙር በቮይስ ላኩ" ብለን 34 መጣ። ከ34ቱ የገባው 3 ነው። አዎ ሦስት! ሰው ተቀይሟል፣ ግን የመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ መዝሙር ዘምረን መምህሩ 6 ደቂቃ ብቻ አግኝተው "እንግዲህ ሰላም ግቡ" ብለው ስለወረዱ ነው እንዲህ የጠበቅነው።

ማጥሪያችን ይሄ ነው። መጀመሪያ ግጥሙን ያለ ዜማ፣ እንደ ደብዳቤ አንብቡት። ዜማው ሲነሳ ብዙ ነገር ይደብቃል። አንዱ መዝሙር ስሙ ላይ "መፃጉዕ" የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ተልኮ ነበር፣ ስናነበው ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሰውዬውን በጣራ ቀዳዳ ያወርደዋል። እሱ ማርቆስ 2 ላይ ያለው ነው፣ አራት ሰዎች የተሸከሙት፣ ሌላ ሰው ነው! ለ"ሰው የለኝም" ደግሞ ከዚህ የባሰ ተቃራኒ የለም፣ አራት ሰው ያለው ሰው ነው እኮ። ግጥሙ ላይ እንዲህ ያለ መደባለቅ ካለ ምንም ቢያምር ይቅር።

ቀጥሎ ወቅቱን እዩ። ብዙ ልጅ የሚልከው የሚወደውን ነው፣ የሚወደው ደግሞ የትንሣኤ ወይም የጥምቀት መዝሙር ይሆናል። "ተነሥቷል" የሚል መዝሙር በአራተኛው ሳምንት ስትዘምሩ ፋሲካን ቀድማችሁ ትበሉታላችሁ። ከ34ቱ 15ቱ የወደቁት በዚህ ነው።

የቀሩትን እያንዳንዳቸውን "ይሄ የወንጌሉን የትኛውን ቁጥር ይመልሳል?" ብለን ጠየቅን። ለ"ሰው የለኝም" የሚመልስ አንድ፣ ለ"ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ" አንድ፣ ለ"ድነሃል፤ ኃጢአት አትሥራ" አንድ። ቁጥር ያልተገኘለት ሁሉ ወጣ። እዚህ ጋ ክርክር ይነሳል፣ "እሱ እኮ አጠቃላይ የንስሐ መዝሙር ነው፣ ለሁሉም ይሆናል" ይባላል። ለሁሉም የሚሆነው ለዚህ አይሆንም፣ ለሌላ ቀን ይቀመጥ።

መጨረሻ ላይ የተመረጡትን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ክፍል አሳዩ። ደብሩ የማያውቀው መዝሙር በደብሩ ግቢ አይዘመርም፣ ደግሞ እነሱ ያዩት ነገር እኛ ያላየነው ይኖራል።

በጾም ከበሮ የለም፣ ያለ ከበሮ መዝሙሩ ይሞታል፣ ምን እናድርግ?

መዝሙሩ አይደለም የሚሞተው፣ ከበሮ ተደግፎ የቆመው መዝሙር ነው የሚወድቀው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጽናጽል ያርፋሉ፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘምሙት፣ ወረብም ስለዚህ ለበዓል ይቆያል። ጭብጨባም አናስገባም።

ያለ ከበሮ የሚመጣው ችግር ሁለት ነው፣ ወይ እየፈጠነ ይሄዳል ወይ እየተጎተተ። ወጣት ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሰው ሲደክመው ይጎተታል፣ እሑድ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ደክሞታል። ልምምድ ላይ እንዴት ታውቃላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ቅዱና የመጀመሪያውን አዝማችና የመጨረሻውን አዝማች በሰዓት ለኩ። የኛ አንድ መዝሙር መጀመሪያ አዝማቹ 28 ሴኮንድ ነበር፣ መጨረሻ 20 ሆነ፣ ማንም ልብ ያለው የለም፣ ሁሉም "ጥሩ ነው" ሲል ነበር። ፈውሱ አንድ መሪ ብቻ ማድረግ ነው፣ ማይክ የሚይዘውም እሱ ብቻ ይሁን፣ ተቀባዮቹ መሪው ጨርሶ እስኪተነፍስ አይጀምሩ። እስትንፋሱ ነው ከበሮው። ሦስት ማይክ ለሦስት መሪ ከሰጣችሁ ግን ጠፋ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጎትታል።

ቁመቱንም እዩ። መሪው ብቻውን ሲለማመድ ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ ጉባኤው ግን እዛ አይደርስም፣ ግማሹ ዝም ይላል። ልጃገረዶቹ ዝም ካሉ ዝቅ ብሏል፣ ወንዶቹ ዝም ካሉ ከፍ ብሏል፣ እኔ እንዲህ ነው የምለየው።

በገና ብናስገባስ?

በጣም ጥሩ፣ ጾሙ የበገና ወቅት ነው። ግን በገና የሕዝብ መዝሙር ማጀቢያ አይደለም፣ ሰው ሲዘምር ድምፁ አይሰማም፣ የብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ገብቶ እየተቀመጠ ሳለ ሳይሆን ከተቀመጠ በኋላ አንድ ብቻ ይደረደር።

አንድ ጊዜ ደርዳሪያችን ፕሮግራሙ ከመጀመሩ 5 ደቂቃ በፊት ከስድስት ኪሎ በታክሲ ተጋፍቶ ደረሰ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ በገና ይዞ። አሥሩ አውታር ሁሉ ወርዷል። ከዛ ደግሞ ያ የበገና እዝዝ የሚለው ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መሃል ከምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ነው፣ እንዝራ ይሏታል፣ እሷ ትንሽ ከተንቀሳቀሰች ድምፁ ደረቅ ክራር ይሆናል። ልጁ ሕዝብ ፊት 11 ደቂቃ ሲቃኝ ቆየ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ እኛም አብረን ላበን። አሁን ደርዳሪ ከ1 ሰዓት በፊት ይገባል፣ በሚደረድርበት አዳራሽ ውስጥ ይቃኛል፣ ከቃኘ በኋላ በገናውን ማንም አይነካም። ማይኩን ደግሞ ከአፉ ፊት ብቻ አታቁሙ፣ ሁለት ከሌላችሁ ወደ ገበቴው ዝቅ አድርጉት፣ ድምፁን ሰው ይሰማዋል፣ በገናውን ግን ያለ ማይክ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ያለው አይሰማም።

የአንድ ሙሉ ፕሮግራም ምሳሌ ስጡን

ይኸው የመፃጉዕ እሑድ የኛው፣ 75 ደቂቃ ነው። ከ9 ሰዓት እስከ 10፡15 ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ፒያሳ አካባቢ የነበሩ ቤቶች ሲፈርሱ ግማሹ ልጅ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፣ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጣው፣ 10፡30 ካለፈ ከጓሮ በር እየሾለከ መውጣት ይጀምራል። መጨረሻው ላይ ያለው 5፥14 ደግሞ ባዶ ወንበር ላይ እንዲነበብ አልፈለግንም።

ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም 10 ደቂቃ። በገና 6። ዮሐንስ 5 ከ1 እስከ 9፣ 3 ደቂቃ፣ አንባቢው "ሰው የለኝም" ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆም ይበል (ትያትር አያድርገው ግን)። የመጀመሪያው መዝሙር 6። ሐዋርያት ሥራ 3 ከ1 እስከ 11፣ 3 ደቂቃ። ሁለተኛው መዝሙር 6። ትምህርት 18፣ ለመምህሩ ከአንድ ሳምንት በፊት ርዕሱንና ሁለቱን ምንባብ ሰጥተናቸዋል፣ ካልሰጣችኋቸው ስለ ጾም ጥቅም ነው የሚያስተምሩት፣ እሱም ጥሩ ነው ግን ክሩ ይበጠሳል። ከትምህርቱ በኋላ 2 ደቂቃ ዝምታ፣ ከዛ ዮሐንስ 5 ከ10 እስከ 14፣ በድምሩ 4 ደቂቃ። ሦስተኛው መዝሙር 6። ማስታወቂያ 5። ምህላና የካህን ቡራኬ 8።

ዝምታውን ሁሉም ኮሚቴ ሊቆርጠው ይፈልጋል፣ "ሰው ይሰለቻል" ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ 40 ሴኮንዶች ላይ በእርግጥ ሳል፣ ወንበር፣ የስልክ ድምፅ ይሰማል። ከዛ በኋላ ጸጥ ይላል። መድረክ መሪው ካልፈራ በቀር ችግር የለውም፣ የሚፈራ መድረክ መሪ 20 ሴኮንድ ላይ "አሜን" ይልና ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ሰዓት ይያዝ።

ማስታወቂያው ነው ያዕቆብ 5፥14 የመጣበት። "ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር" የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር አንብበን በዛው የማኅበሩን የታመሙና የቀሩ ልጆች ጉብኝት ዝርዝር ለጠፍን፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ስም አስመዘገብን። ማስታወቂያ ሁልጊዜ ፕሮግራሙን የሚሰብር ነገር ነበር፣ ያን ቀን ግን የፕሮግራሙ አካል ሆነ። "ሰው የለኝም" ብለን ስንዘምር ውለን ሦስት ወር የጠፋች ልጅ ቤት የሚሄድ ሰው ካልተመዘገበ ያው ለራሳችን ዘምረን ወጣን ማለት ነው። ቦሌ ቡልቡላ ድረስ ስለሆነ መጀመሪያ ማንም እጁን አላነሳም ነበር፣ በኋላ ሁለት ሴቶች ተነሱ።

ስግደት እናስገባ?

እሑድ ከሆነ አታስገቡ፣ በሰንበት ስግደት የለም። በሳምንቱ መሃል ካደረጋችሁት የንስሐ አባት ጠይቁ።

ወረቀት ወይስ ፕሮጀክተር?

ወረቀት። አንድ ኤ4 ለሁለት ታጥፎ አራት ገጽ ይወጣዋል፣ ለሦስት መዝሙር ይበቃል። ፊደሉ ከ14 በታች አይሁን፣ አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፣ ጥቅሶቹንም ሙሉውን ጻፉ። ፕሮጀክተር መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ደግሞ ሰው አንገቱን አቅንቶ ስክሪን ሲያይ መሪውን አያየውም።

አንድ ምክር፣ ኮፒ ቤት ስትልኩ ፒዲኤፍ ላኩ። የኛ ጸሐፊ በድሮው ፓወር ግዕዝ የጻፈውን ዎርድ ፋይል ላከ፣ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት የለም፣ ግጥሙ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ 120 ኮፒ ወጣ። ልጁም ግዕዝ መስሎት ነው መሰለኝ ዝም ብሎ አትሞ አጣጥፎ አስረከበን።

መምህሩ ቢቀሩስ?

ይቀራሉ፣ በጾም ሁሉም ደብር ነው የሚጠራቸው። ቦታውን በመዝሙር አትሙሉት፣ ሁሌ የሚደረገው ስህተት እሱ ነው። ሁለቱን ምንባብ ድጋሚ በሌላ ድምፅ አስነብቡ፣ ከዛ ደብሩ ያለ አንድ ካህን 5 ደቂቃ እንዲናገሩ ለምኑ። አንዴ እንዲህ ሆኖ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተነሥተው "38 ዓመት ሙሉ እዛ መጠመቂያ አጠገብ ስንት ሰው አለፈው መሰላችሁ? ሁሉም ለራሱ ሊወርድ ነው የመጣው" ብለው ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ያልገቡት 31 መዝሙሮች ምን ይሁኑ?

አትጣሏቸው፣ የላኩትም ልጆች ይጠይቃሉ። ቴሌግራም ላይ በየእሑዱ ስም ፎልደር አድርገናል፣ የትንሣኤዎቹ ትንሣኤ ውስጥ ገቡ፣ የጣራው ሰውዬ መዝሙር ግጥሙ እንዲታረም ለደራሲው ተላከ፣ እስካሁን መልስ አልመጣም። ስለ ታማኝ አገልጋይ የሚያወሩ አራት ተገኝተዋል፣ እነሱ ገብር ኄር ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚመጣው ጉባኤ ከነሱ ነው የምንጀምረው።